ኦቫል፣ ኤመራልድ ወይስ ኩሽን? ቁርጡ ብልጭታውንና እንከኑን እንዴት ያሳያል

አንዲት የማውቃት ልጅ ሦስት የአልማዝ ሰርተፊኬቶች ስልኳ ላይ ጭና መጣች። ሦስቱም ድንጋዮች አንድ ካራት ተኩል አካባቢ ናቸው። የሦስቱም የቀለም ደረጃ ጂ ነው፣ የሦስቱም የጥራት ደረጃ ኤስአይ1። አንዱ ኦቫል፣ አንዱ ኤመራልድ ቁርጥ፣ አንዱ ኩሽን።

«ወረቀቱ ላይ እኮ አንድ ናቸው» አለችኝ። «ታዲያ የወደድኩትን ቅርጽ ልምረጥና ልገላገል?»

«ድንጋዮቹን በዓይንሽ አይተሻቸዋል?»

«ፎቶ ብቻ።»

«እንግዲያው ምንም አላየሽም» አልኳት። ትንሽ ከፋት። ግን እውነቱ ይሄው ነው። አንድ ዓይነት ደረጃ ያላቸው ሦስት አልማዞች በሦስት ቁርጥ ሲቀመጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። አንዱ እንከኑን ይውጠዋል። አንዱ እንከኑን አራት አድርጎ ያባዛዋል። ይህን የምጽፈው እንደሷ ሦስት ቅርጽ ፊቱ ተደርድሮ ግራ ለገባው ሰው ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ቅርጽ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ለዚያ መመሪያ አያስፈልግም። መመሪያ የሚያስፈልገው ቅርጹ ይዞት ለሚመጣው ነገር ነው። እኔ ክብ ያልሆነ ድንጋይ ሳይ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛው የብልጭታው ዓይነት ነው። ብልጭታ ስንል ሦስት ነገር አብረን ነው የምንጠራው። ከድንጋዩ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ነጭ ብርሃን አለ። ብርሃኑ ተበትኖ የሚያወጣው ቀይ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ነጸብራቅ አለ። እጅ ሲንቀሳቀስ ብልጭ ድርግም የሚለውም አለ። ሦስቱንም እኩል አሟልቶ የሚሰጥ ቁርጥ የለም።

ሁለተኛው ውስጡ ያለው እንከን ለባዶ ዓይን ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነው። ሉፕ የሚባለውን የጌጣጌጥ ማጉያ መነጽር ይዞ ቀለበት የሚያይ ሰው የለም፣ ስለዚህ ዳኛው ባዶ ዓይን ነው። ሦስተኛው የሞተ ቦታ ነው። ፋሴቶቹ፣ ማለትም ጠራቢው ድንጋዩ ላይ የሚያወጣቸው ትናንሽ ጠፍጣፋ ገጾች፣ በተሳሳተ ማዕዘን ከወጡ ብርሃኑ በታች በኩል ያመልጣል። ያ ቦታ ይጨልማል ወይም እንደ መስኮት ወዲያ ማዶ ያሳያል። አራተኛው ከላይ ሲታይ ስንት ሚሊሜትር ነው የሚለው ነው። ካራት ክብደት እንጂ መጠን አይደለም። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፣ ያ ክብደት ሆዱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ «ሰርተፊኬቱ እነዚህን አይነግረኝም?» ትሉ ይሆናል። ጥራቱን ይነግራችኋል፣ ግን በሉፕ 10 ጊዜ ተጎልቶ የታየውን ነው። ኤስአይ ማለት እንከኑ በዚያ ማጉያ በቀላሉ ይስተዋላል ማለት ነው። በባዶ ዓይን ይታያል ወይስ አይታይም የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። የአቆራረጥ ደረጃም እንዲሁ ነው። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ላብራቶሪ ጂአይኤ በ2006 ያወጣው የአቆራረጥ ደረጃ የተሠራው ብሪሊያንት ለሚባለው ክብ ቁርጥ ነው። ከነዚህ ሦስት ቅርጾች በአንዱ ሰርተፊኬት ላይ ኤክሰለንት የሚል ቃል ካያችሁ፣ ከፊቱ የተጻፈውን አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ የገጾቹን ልስላሴ ወይም የሲሜትሪውን ደረጃ ነው የሚናገረው። ልስላሴውም ሲሜትሪውም ኤክሰለንት የሆነ፣ መሀሉ ግን ድፍን ጨለማ የሆነ ኦቫል በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

ኦቫል፦ ሞቅ ያለ ብልጭታ፣ መሀሉ ላይ ጥላ

ኦቫል የክቡ አልማዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ፋሴቶቹ ሦስት ማዕዘንና የካይት ቅርጽ ያላቸው፣ ከመሀል ወደ ዳር የሚበተኑ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብልጭታው ቶሎ ቶሎ የሚፈነጥቅና የተበታተነ ነው። ዓይን አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። ዓይን ካላረፈ ደግሞ እንከን አይፈልግም።

ስለ ኦቫል አንድ የታሪክ ጨዋታ ልንገራችሁ። ኮሂኑር የሚባለው ዝነኛ አልማዝ በ1851 ለንደን ላይ በታላቁ ዓውደ ርእይ ለሕዝብ ቀረበ። ሰው ተሰልፎ ገባ፣ አየ፣ ብዙው ቅር ብሎት ወጣ። ድንጋዩ ግዙፍ ነው፣ ግን አያበራም። በዓመቱ እንደገና ተቆረጠና ኦቫል ሆነ። ከ180 ካራት በላይ የነበረው ድንጋይ 105.6 ካራት ሆኖ ቀረ። ያን ያህል ክብደት የተጣለው ለብልጭታ ሲባል ነው።

የኦቫል ችግር ከቅርጹ ይመነጫል። ክብ ድንጋይ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ስፋት ስላለው፣ የታችኛው ክፍል ፋሴቶች ሁሉ ተመሳሳይ ማዕዘን መያዝ ይችላሉ። ኦቫል ግን ርዝመቱና ወርዱ የተለያየ ሆኖ ጥልቀቱ አንድ ነው። ስለዚህ በወርዱ በኩል ፋሴቶቹ ቀጥ ይላሉ፣ በርዝመቱ በኩል ጋደም ይላሉ። ሁሉም ብርሃንን ከአንድ አቅጣጫ መቀበል አይችሉም። መሀል አካባቢ ያሉት ፋሴቶች የሚያንጸባርቁት ጣሪያውን ሳይሆን የተመልካቹን ጭንቅላት ነው። ከዚህ የተነሳ በድንጋዩ ወርድ ላይ የቢራቢሮ ክራቫት የመሰለ ጥላ ይወጣል። በሙያው ቦታይ ይሉታል።

ቦታይ የሌለበት ኦቫል እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ለመለየት ድንጋዩን መጀመሪያ ፊታችሁ አጠገብ ያዙት፣ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ አርቁት። ጥላው የጭንቅላታችሁ ነጸብራቅ ብቻ ከሆነ ስታርቁት ይሳሳል። ድንጋዩን ግራና ቀኝ ስታዘነብሉትም ቦታው ወደ ብርሃን ይለወጣል። እንዲህ የሚያደርግ ጥላ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ከጎኑ ያለው ብርሃን ጎልቶ እንዲታይ ያግዛል። ርቆም፣ ዘንብሎም እንደ ጠቆረ ከቀረ ግን ተዉት። ፎቶ ላይ ይህን መለየት አይቻልም። ካሜራውም የራሱን ጥላ ይጥላል። ሻጩ በእጁ ይዞ የሚያወዛውዘው ቪዲዮ የተሻለ ነው፤ ካልላከላችሁ ጠይቁ።

እንከንን በተመለከተ ኦቫል ቸር ነው፣ ቸርነቱ ግን በየቦታው እኩል አይደለም። በሁለቱ ጫፎችና በዳሩ አካባቢ ያለ ነጭ ክሪስታል ወይም ነጥብ በብልጭታው ውስጥ ይሟሟል። መሀሉ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ግን ይታያል። በተለይ ቦታዩ ደከም ብሎ መሀሉ ብሩህ በሆነ ጊዜ ያው ነጥብ ቁልጭ ይላል። ከጥራት ደረጃው በፊት ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን የእንከን ካርታ ተመልከቱ የምለው ለዚህ ነው። ቀይ ምልክት የውስጥ እንከን ነው፣ አረንጓዴ የላይ። ጫፍ ላይ ያለ ኤስአይ1 መሀል ላይ ካለ፣ በደረጃ ከሚበልጠው ቪኤስ2 የተሻለ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ጫፉ ላይ ያለው እንከን ስንጥቅ ከሆነ፣ ማለትም ካርታው ላይ ፌዘር የተባለው ከሆነና ወደ ላይኛው ገጽ የሚወጣ ከሆነ፣ የመታየት ሳይሆን የመሰበር ጉዳይ ይሆናል። አልማዙን የሚይዘው የወርቅ ጥፍር የሚጫነው እዚያው ነው።

ርዝመቱ ለወርዱ ሲካፈል ከ1.35 እስከ 1.50 ያለው አብዛኛው ሰው ኦቫል ብሎ የሚያስበው ነው። ከዚያ ሲረዝም ጣት ላይ ያምራል፣ ቦታዩም አብሮ ይጠነክራል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማግኘት ከባድ ነው።

ኤመራልድ፦ ጸጥ ያለ መስታወት

ይህኛው ሌላ ዓለም ነው። ኤመራልድ ቁርጥ ስሙን ያገኘው ከአረንጓዴው ዕንቁ ነው። ያ ዕንቁ ሲጠረብ ማዕዘኑ ቶሎ ስለሚሸረፍ፣ ጠራቢዎች አራቱን ማዕዘን ቆረጥ አድርገው ጎኖቹን በደረጃ ደረጃ ማውጣት ያዙ። አልማዝ ላይም ያው ስልት ሠራ።

ፋሴቶቹ ረዥም፣ ቀጥ ያሉና ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፣ እንደ ደረጃ። ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ፣ ቴብል የሚባለው፣ ሰፊ ነው። ስትመለከቱት ብርሃኑ በትንንሽ ብልጭታ አይበተንም። አንድ ሙሉ ደረጃ ባንዴ ይበራል፣ ከጎኑ ያለው ይጨልማል፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ይቀያየራሉ። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መስታወቶች መሀል የገባችሁ ያህል ነው። ቁጥሩ ጥቂት፣ መጠኑ ትልቅ የሆነ ብልጭታ ነው የምታገኙት። «ብልጭ ብልጭ ይበልልኝ» የሚል ሰው ኤመራልድ ከገዛ ይቆጨዋል፣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እርጋታውን የሚወድ ደግሞ ሌላ አይገዛም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰፊ ቴብል ማለት ሰፊ መስኮት ማለት ነው። በኦቫል ላይ ብልጭታው መጋረጃ ነው፤ እዚህ መጋረጃ የለም። ገላጣ ነው። ነጥቡ ቁጭ ብሎ ይታያል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። እነዚያ የታች ደረጃዎች መስታወት ናቸው ብያለሁ። ከመስታወቶቹ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጥቁር ነጥብ በግራም በቀኝም ምስሉን ይጥላል። አንድ እንከን ነው፣ የምታዩት ግን ሦስት ወይም አራት ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዎች እንዲህ የሚንጸባረቅ እንከን ሲገጥማቸው ደረጃውን ዝቅ ያደርጉለታል። ሆኖም ያ የጥራት ደረጃ ብቻውን ነጥቡ የትኛው ፋሴት ላይ እንደሚደገም አያሳያችሁም።

ስለዚህ የእኔ ወሰን ይህ ነው። ኤመራልድ ከቪኤስ2 በታች አልገዛም። ከ2 ካራት በላይ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ቪኤስ1 እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ሲያድግ መስኮቱም ያድጋል። ቪኤስ2ም ቢሆን የእንከን ካርታው ላይ ቴብሉ መሀል ነጥብ ካለበት በአካል ሳላይ እሺ አልልም። ነጥቡ ዳር ዳር ባሉት ደረጃዎች ላይ፣ ከፋሴቱ መስመር ጋር ትይዩ የተኛ ቀጭን ነጭ መርፌ ከሆነ ግን ዓይን መርፌውን የፋሴት ጠርዝ አድርጎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ኤስአይ1 አለ፣ ጥቂት ነው፣ ካገኛችሁት ዕድለኞች ናችሁ።

የኤመራልድ ሌላው ጣጣ መሀሉ ላይ የሚከፈተው መስኮት ነው። ብርሃን አልማዝ ውስጥ ገብቶ የታችኛውን ገጽ ሲመታ፣ ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ከ24.4 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ተመልሶ ይነጥራል። ከዚያ ካነሰ ሾልኮ ይወጣል። የታችኛው ክፍል በጣም ጋደም ብሎ ከተቆረጠ መሀሉ ላይ ብርሃኑ ይሾልካል፣ ድንጋዩም ተራ ብርጭቆ ይመስላል። ፈተናው ቀላል ነው። ቀለበት ላይ ያልገባውን ድንጋይ ቴብሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ የታተመ ጽሑፍ ላይ አስቀምጡት። ከላይ ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ፊደል ማንበብ ከቻላችሁ መስኮት አለው። ኦቫል ላይም ይሠራል፣ ግን ኤመራልድ ላይ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው።

ቀለምም እዚህ አይደበቅም። ክብ አልማዝ ላይ ነጭ የሚመስል፣ ከጂ ዝቅ ያለ ኤች ወይም አይ ቀለም ኤመራልድ ላይ ትንሽ ቢጫነት ሊያሳይ ይችላል። ቢጫ ወርቅ ላይ ለሚያስገባው ሰው ችግር አይደለም። ለፕላቲነም ግን ጂ እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ለኤመራልድ ልመስክርለት። ጥሩው ኤመራልድ ውሸት አይችልም። ምን እንደገዛችሁ ታውቃላችሁ።

ኩሽን፦ አንድ ስም፣ ሁለት ድንጋይ

ኩሽን ማለት ትራስ ነው። ማዕዘኑ የተለዘበ ካሬ ወይም አራት ማዕዘን፣ ጎኖቹ ሆድ ሆድ ያላቸው። አያቱ ኦልድ ማይን የሚባለው የድሮ ቁርጥ ነው፣ በሻማ ዘመን በእጅ የተጠረበ። ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው ሰማያዊው ሆፕ አልማዝ፣ 45.52 ካራት፣ የዚሁ ጥንታዊ ኩሽን ቤተሰብ ነው።

ገዢን የሚያደናግረው ዛሬ ኩሽን ተብሎ የሚሸጠው ሁለት የማይመሳሰል ነገር መሆኑ ነው። አንደኛው ወደ አያቱ ያደላል። ፋሴቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ብልጭታው ወፍራም ነው፣ ባለቀለሙ ነጸብራቅ በሚገባ ይታያል። በአንድ አምፖል ብርሃን ስር ቀይና ሰማያዊ ሲተፋ ማየት ደስ ይላል። ሁለተኛው የታችኛው ክፍሉ ላይ ተጨማሪ ትናንሽ ፋሴቶች ያሉበት ነው። እሱ የተፈጨ በረዶ ይመስላል፤ በሙያውም ክረሽድ አይስ ነው የሚሉት። ሺህ ደቃቅ ብልጭታ አለ፣ ግን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሰርተፊኬቱ ኩሽን ብሪሊያንት ወይም ኩሽን ሞዲፋይድ ብሪሊያንት ይላል። ሞዲፋይድ የሚለው ብዙ ጊዜ ወደ በረዶው ዓይነት ይጠጋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እርግጠኛው መንገድ መሀሉን ማየት ነው፦ የፋሴት ቅርጽ መቁጠር ከቻላችሁ የመጀመሪያው ነው፣ ዓይናችሁ ከተምታታ ሁለተኛው።

እንከን መደበቅ ላይ ከሦስቱ ቁርጦች አንደኛው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። የተሰባበረ ብርጭቆ ክምር ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፈልጉ እንደማለት ነው። ኤስአይ1 በድፍረት ይገዛል። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ኤስአይ2 ራሱ ነጥቡ ጥቁር ካልሆነና መሀል ካልሆነ ያልፋል። የመጀመሪያው ዓይነት ይህን ያህል አይደብቅም፣ ፋሴቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ መሀሉ ላይ ትንሽ መስኮት አለ። እሱን ከኤመራልድና ከኦቫል መሀል አስቀምጡት። ቪኤስ2 ላይ ተረጋጉ።

ነገር ግን በረዶው የሚደብቀው እንከንን ብቻ አይደለም፣ የድንጋዩን ሕይወትም ይደብቃል። በቂ ብርሃን የማይመልስ የተፈጨ በረዶ ኩሽን ከሩቅ ሲታይ ዕርጥብ ነጭ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ቀለምንም ያጎላል፤ ብርሃኑ ድንጋዩ ውስጥ ብዙ ስለሚመላለስ ያለውን ቢጫነት ይሰበስባል። ቢጫ አልማዝ የሚጠርቡ ሰዎች ይህን ቁርጥ የሚወዱት ለዚሁ ነው፣ ነጭ ለሚፈልግ ሰው ግን ጉዳት ነው።

ሰርተፊኬቱ ላይ የምትፈልጉት አንድ ሐረግ አለ። ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ «የጥራት ደረጃው በካርታው ላይ ባልታዩ ደመናዎች ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ካለ ቆም በሉ። ደመና ማለት የእጅግ ደቃቅ ነጥቦች ስብስብ ነው። ትንሽ ደመና ምንም አይደለም። ድንጋዩን የሞላ ደመና ግን ብልጭታውን ያደበዝዘዋል፣ ጭጋግ እንደያዘው የመኪና መስታወት። ኩሽን ላይ ነጥብ አይታይማ ብሎ ዝቅተኛ ደረጃ የሚገዛ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። ነጥብ የለም፣ ግን ሙሉው ድንጋይ ፈዟል።

የመጨረሻው ነገር መጠን ነው። ኩሽን ሆዳም ነው። ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ከወርዱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል፣ ክብደቱም ታች ይቀመጣል። የአንድ ካራት ኩሽን ጎኑ 5.5 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን የአንድ ካራት ክብ 6.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ካሬው የማዕዘኑን ቦታ ቢጨምርም ጣት ላይ አነስ ብሎ ነው የሚታየው።

በአንድ እይታ

| መለኪያ | ኦቫል | ኤመራልድ | ኩሽን (ትልልቅ ፋሴት) | ኩሽን (የተፈጨ በረዶ) |
|---|---|---|---|---|
| ብልጭታ | ፈጣን፣ የተበታተነ | ጥቂት፣ ሰፋፊ | ወፍራም፣ ባለቀለም | ደቃቅ፣ የተምታታ |
| እንከን መደበቅ | ዳር ላይ ጥሩ፣ መሀል ላይ ደካማ | በጣም ደካማ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ |
| የሚመከር ዝቅተኛ ጥራት | ኤስአይ1 (እንከኑ ዳር ከሆነ) | ቪኤስ2 | ቪኤስ2 | ኤስአይ1 |
| የሚፈራው | ቦታይ | መሀል ላይ መስኮት፣ የሚደጋገም ነጥብ | መሀል ላይ ያለ ነጥብ | ድብዝዝነት፣ ደመና |
| ቀለም | ጫፎቹ ላይ ትንሽ ይታያል | በግልጽ ይታያል | በመጠኑ ይታያል | ይጎላል |
| ለክብደቱ የሚታይ መጠን | ትልቅ | መካከለኛ | አነስተኛ | አነስተኛ |

ለማን የቱ

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ትልቅ መታየት የሚፈልግ ሰው ኦቫል ይያዝ። ጥራቱን ወደ ኤስአይ1 ዝቅ አድርጎ የተረፈውን ገንዘብ ቦታዩ የሳሳ ድንጋይ ፍለጋ ላይ ያውል። ይህ ፍለጋ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ከአስር አንድ ሁለት ነው የሚወደደው።

ኤመራልድ የሚወድ ሰው ከካራቱ ይቀንስ እንጂ ከጥራቱ አይቀንስ። 1.50 ኤስአይ2 እና 1.20 ቪኤስ1 ተመሳሳይ ዋጋ ላይ ከገጠሙት፣ ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን ይውሰድ። መጠኑን ሰው ያየዋል፣ ነጥቡን ግን ባለቤቱ ነው በየቀኑ የሚያየው።

የድሮ ዘመን ውበት የሚስበው ሰው ትልልቅ ፋሴት ያለውን ኩሽን ይፈልግ፣ ወርቁም ቢጫ ወይም ሮዝ ይሁንለት። ቀለሙ አይ ቢሆንም ያምርበታል። በጥራት ላይ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ፣ ብቻ ብልጭ ይበል የሚል ሰው ደግሞ የተፈጨ በረዶውን በአካል አይቶ፣ ቀለሙን ከጂ ሳያወርድ ይግዛ።

ማየት ስል የሱቅ መብራት ስር ማለቴ አይደለም። እነዚያ ትናንሽ ጠንካራ መብራቶች ማንኛውንም ድንጋይ ያስጨፍራሉ። ድንጋዩን ወደ መስኮት አጠገብ ውሰዱት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት፣ 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቁና በዝግታ አወዛውዙት። ሱቁ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ምክንያቱን ገምቱት።

ሦስቱ ድንጋዮች ወረቀት ላይ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከሻጩ ጋር ተነጋግራ ሦስቱንም በአካል ለማየት ቀጠሮ ያዘች፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ልኬታቸው እንዲህ ነበር። ኦቫሉ 9.1 በ6.5 ሚሊሜትር፣ ኤመራልዱ 7.8 በ5.6፣ ኩሽኑ 6.7 በ6.4። ክብደታቸው አንድ ሆኖ ከላይ የሚታየው የኦቫሉ ስፋት ከኩሽኑ ከአስር በመቶ በላይ ይበልጣል። ይህን ሳልነግራት ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደርናቸው። «ኩሽኑ አንድ ካራት ነው እንዴ?» አለች።

መጀመሪያ ኤመራልዱን ያዝነው። ካርታው ላይ አንድ ጥቁር ክሪስታል ብቻ ነው ያለው፣ ከቴብሉ መሀል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ። ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው የሚመስለው። ድንጋዩን በመስኮቱ ብርሃን ስናይ ግን ሦስት ነጥብ ተደርድሯል። ሻጩ «አንድ ነው፣ ሌላው ነጸብራቅ ነው» አለ። ልክ ነው። «ታዲያ ዓይኔ ሦስት ካየ ምን ዋጋ አለው?» አለችው። እኔ ዝም አልኩ፣ ገብቷታል።

ኩሽኑ የተፈጨ በረዶው ዓይነት ነበር። ሉፕ ይዤ እንኳ ደመናውን ለማግኘት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከእንከን አንጻር የሚከሰስ ነገር የለውም። ከአንድ ክብ አልማዝ አጠገብ አስቀምጠን ወደ ኋላ ስንል ግን ክቡ ያበራል፣ ኩሽኑ ነጣ ብሎ ተኝቷል። ደመናው ይሁን አቆራረጡ፣ ለገዢው ልዩነት የለውም።

ኦቫሉ ላይ ቦታይ አለ። ቅርብ ሲያዝ ግልጽ ነው። እጇን ስትዘረጋ ሳሳ፣ ስታዘነብለው ግማሹ በራ። እንከኑ በአንደኛው ጫፍ ዳር ላይ ያለ ነጭ ክሪስታል ነው፣ ስንጥቅ አይደለም፣ ወደ ገጹም አይወጣም። ያለ ሉፕ አላገኘችውም፣ የት እንዳለ ከነገርኳት በኋላ እንኳ።

ወርቅ ሠሪው ለኦቫሉ ሁለቱም ጫፍ ጥፍር እንዲያደርግ አዘዘች። ነጩ ክሪስታል አሁን ከአንዱ ጥፍር ስር ነው።